የጁባ ሰዓትና ሁለት የኮንፊግ ፋይሎች

በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021፣ በእኛ ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ደቡብ ሱዳን ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች። እሑድ ሌሊት 6 ሰዓት ሲሞላ የጁባ ሰዓት ወደ 5 ተመልሶ ያቺ የመጨረሻዋ ሰዓት ሁለት ጊዜ ተቆጠረች። እስከዚያ ሌሊት ድረስ ጁባና አዲስ አበባ እኩል ነበሩ፤ ሁለቱም ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ይቀድሙ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ጁባ ገና 2 ሰዓት ነው።

ሰው ለውጡን በጥቂት ቀናት ውስጥ ለመደው። ሰርቨር ግን የየአገሩን ሰዓት የሚያውቀው ቲዜድዳታ ከሚባለው፣ የዓለም የሰዓት ሕግ ሁሉ ተጽፎ ከተቀመጠበት ስብስብ ነው። ስብስቡ አንድ አገር ሰዓቱን በቀየረ ቁጥር በአዲስ እትም ይወጣል። የደቡብ ሱዳን ለውጥ የገባው `2021a` በተባለው እትም ሲሆን፣ እትሙ የወጣውም ለውጡ ሊደረግ ስምንት ቀን ያህል ሲቀረው ነው። ከዚያ በፊት የተሠራና ያልታደሰ ሰርቨር ዛሬም ጁባን ከአዲስ አበባ ጋር እኩል አድርጎ ይቆጥራል።

በዚህች አንዲት ሰዓት ምክንያት ለሥራ ባልደረባዬ ሁለት መልእክቶችን ጽፌያለሁ። የመጀመሪያው ምንም አልጠቀማትም፤ ሁለተኛው ችግሩን ፈታ። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነበር፦ በስቴጂንግና በፕሮዳክሽን ኮንፊግ ፋይሎች መካከል ስላገኘሁት ልዩነት። ይህ ዓይነት መልእክት በየሶፍትዌር ቡድኑ በየሳምንቱ ይጻፋል፤ ምን መያዝ እንዳለበት ግን ቆም ብሎ የሚያስብበት ሰው አላየሁም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልየው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ጁባ፣ እሷ አዲስ አበባ ሆነን የአንድ ሆቴል የሒሳብ ሲስተም እንጠብቅ ነበር። ፕሮዳክሽኑ፣ ማለትም ሆቴሉ በየቀኑ የሚሠራበት፣ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የተቀመጠ አንድ ሰርቨር ነበር። ስቴጂንጉ፣ አዲስ ሥራ ሁሉ መጀመሪያ የሚሞከርበት፣ ውጭ አገር የተከራየነው ሰርቨር ነው። የሁለቱም ኮድ አንድ ነው፤ የሚለያዩት ለየብቻ በተቀመጠላቸው የኮንፊግ ፋይል ብቻ ነው ብለን እናምን ነበር።

የሆቴሉ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ቀን ደረሰኞች ይዘው መጡ። በአንዳንድ ሌሊቶች ዘግይተው የከፈሉ እንግዶች ሒሳብ በማግሥቱ ቀን ተመዝግቧል፤ የዕለቱ ካዝናና የዕለቱ ሪፖርት አይገጥሙም። ገንዘብ ተቀባዮቹ ደረሰኙ ላይ የሚታተመው ሰዓት አንድ ሰዓት እንደሚቀድም ካስተዋሉ ቆይተዋል። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ስለሆኑ ግን “ማሽኑ በአዲስ አበባ ሰዓት ነው የሚሠራው” ብለው ተቀብለውት ነበር። ያንኑ ሒሳብ በዚያው ሰዓት ስቴጂንግ ላይ ስንሞክረው ቀኑ ትክክል ይሆናል። ባልደረባዬ ሁለቱን የኮንፊግ ፋይሎች አስተያይቼ ልዩነቱን እንድልክላት ጠየቀችኝ።

ማንም የሚያደርገውን አደረግሁ፦

```
diff <(sort staging.env) <(sort production.env)
```

ይህ ትእዛዝ ሁለቱን ፋይሎች በፊደል ተራ ደርድሮ የማይመሳሰሉትን መስመሮች ያወጣል። የአሥራ አንድ ቅንብሮች ልዩነት ወጣ። የይለፍ ቃሎቹን ሸፍኜ የቀረውን እንዳለ ገልብጬ ላክሁላት። መልሷ አንድ ጥያቄ ነበር፦ “ከእነዚህ ውስጥ ችግሩ የትኛው ነው?”

አንዱም አልነበረም። ችግሩን የያዘው መስመር በሁለቱም ፋይሎች ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት ስለነበር `diff` አላወጣውም፦

```
TZ=Africa/Juba
```

በመስኩ የሚነገረው ምክር እዚህ ላይ አጥርቶ መታየት አለበት። በ2011 አዳም ዊጊንስና በሄሮኩ የነበሩ ባልደረቦቹ አሥራ ሁለት መርሆች የያዘ ጽሑፍ አወጡ። እስከ ዛሬ በርካታ ቡድኖች በእሱ ይመራሉ። ከመርሆቹ አንዱ ስቴጂንግና ፕሮዳክሽን በተቻለ መጠን ይመሳሰሉ ይላል። ሌላው ደግሞ ኮንፊግ ማለት ከቦታ ቦታ የሚለያየው ነገር ስለሆነ ከኮዱ ተለይቶ ይቀመጥ ይላል። ሁለቱ አብረው ሲነበቡ የኮንፊግ ፋይሎች መለያየታቸው በራሱ ጥፋት አለመሆኑ ግልጽ ነው፤ የተለያዩትም እንዲለያዩ ተብሎ ነው። እንግዲህ ስለ ልዩነት የሚጻፍ መልእክት “ይህ ከዚያ ይለያል” ብሎ ካበቃ ገና ሥራውን አልጀመረም። መመለስ ያለበት ጥያቄ ልዩነቱ የታሰበበት ነው ወይስ የተረሳ የሚለው ነው። ከዚያም አልፎ ፋይሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ሰርቨሮቹ የሚለያዩበት ቦታ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መልእክቴ ሁለቱንም አልመለሰም።

ከአሥራ አንዱ ሰባቱ አድራሻዎች፣ የተጠቃሚ ስሞችና የይለፍ ቃሎች ነበሩ። እነዚህ መለያየት አለባቸው፤ እንዲያውም አንድ ሆነው ቢገኙ ነበር የሚያስደነግጠው፤ ስቴጂንግ የእውነተኛውን ሆቴል ዳታቤዝ እየነካ ነው ማለት ይሆናልና። ስለ እነሱ በመልእክት የሚጻፈው “ሰባቱም የተለያዩ ናቸው፣ መሆንም ያለበት ይኸው ነው” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የይለፍ ቃልን ራሱን በመልእክት መላክ አይገባም። አንዳንዶች የይለፍ ቃሉን ሃሽ ይልካሉ፤ አጭር የይለፍ ቃል ግን ከሃሹ ተነሥቶ በሙከራ ሊገኝ ስለሚችል ያም ደህና አይደለም። “አንድ ናቸው” ወይም “ይለያያሉ” ማለት ለባልደረባ በቂ ነው።

ስምንተኛው ልዩነት ጁባን ለማያውቅ ሰው ስሕተት ይመስላል። ስቴጂንግ ከውጭ አገልግሎት መልስ የሚጠብቀው 3 ሰከንድ ነው፤ ፕሮዳክሽን 30 ሰከንድ ይጠብቃል። አንድ አዲስ ሠራተኛ ይህን አይቶ “እናስተካክለው” ቢልና ፕሮዳክሽንን ወደ 3 ቢያወርደው ሆቴሉ ካርድ መቀበል ያቆማል። በ2020 ከኡጋንዳ በኩል ፋይበር ጁባ እስኪገባ ድረስ ከተማዋ የኖረችው በሳተላይት ነበር፤ ሆቴሉም ፋይበሩ ሲቋረጥ የሚመለሰው ወደ ሳተላይቱ ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይቆማል። ጥያቄው ወጥቶ ይወርዳል፣ መልሱም እንዲሁ፤ አራት ጊዜ 36 ሺህ ማለት ነው። ብርሃን ራሱ ይህን ለመጓዝ ግማሽ ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ ይፈጅበታል፤ በመሣሪያዎቹ ሲያልፍ 0.6 ሰከንድ ይደርሳል። አንድ የተመሰጠረ ግንኙነት ደግሞ በቆየው የቲኤልኤስ 1.2 አሠራር የመጀመሪያውን መልስ እስኪያገኝ አራት ጊዜ ይመላለሳል። 2.4 ሰከንድ መንገድ ላይ ብቻ ያልቃል፤ የባንኩ ሰርቨር ለማሰብ የሚቀረው 0.6 ሰከንድ ነው። ስለዚህ 30 መባሉ የታሰበበት ነበር። ነገር ግን ምክንያቱ የትም አልተጻፈም ነበር። ያኔ ቁጥሩን ያስቀመጠው ሰው ሥራውን ለቆ ስለነበር ምክንያቱን ያገኘነው ይህን ስሌት እንደገና ሠርተን ነው።

ዘጠነኛው የሎግ መጠን ነው። ስቴጂንግ የሚያደርገውን ሁሉ በ`debug` ይጽፋል፤ ፕሮዳክሽን በ`warning` ስለተቀመጠ ማስጠንቀቂያና ከዚያ የከፋውን ብቻ ይመዘግባል። የሰርቨሩ ዲስክ ትንሽ ስለሆነ ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ቢሆንም በሎጉ ውስጥ የሰዓቱን ጥፋት ስንፈልግ ምንም ያላገኘነው ለዚህ ነበርና ታሪኩ ውስጥ ቦታ አለው።

አሥረኛው ስቴጂንግ ላይ የሌለ መስመር ነው። `PRINT_COPIES` ፕሮዳክሽን ላይ 2 ነው፤ ስቴጂንግ ላይ ጭራሽ አልተጻፈም። `diff` “በአንደኛው አለ፣ በሌላው የለም” ብሎ ያቆማል። ያልተጻፈ ነገር ግን ባዶ አይደለም፤ ኮዱ ውስጥ የተቀመጠለት ነባሪ ዋጋ አለ። ኮዱን ከፍቼ ሳየው ነባሪው 1 ነበር። ልዩነቱ የሁለት ቅጂና የአንድ ቅጂ ደረሰኝ መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው። የጎደለ መስመር ሲገኝ ኮዱን ሳይከፍቱ መልእክት መጻፍ ባልደረባን ያንኑ ፍለጋ እንደገና ማስጀመር ነው።

አሥራ አንደኛውን ቆም ብዬ ላየው እፈልጋለሁ፤ ከሁሉ ይበልጥ ተንኮለኛው እሱ ነውና። ስቴጂንግ ላይ `CURRENCY=SSP`፣ ፕሮዳክሽን ላይ `CURRENCY="SSP"` ተብሎ ተጽፏል። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ኮድ ነው፤ ልዩነቱ የትእምርተ ጥቅሱ ብቻ። ፕሮዳክሽን የሚነሣው በ`docker compose` ሲሆን እሱ ጥቅሱን አውጥቶ `SSP` የሚሉትን ሦስት ፊደሎች ለፕሮግራሙ ይሰጣል። ስለዚህ በዚያን ቀን ምንም ጉዳት አልነበረውም። ስቴጂንግ ግን የሚነሣው በ`docker run --env-file` ነው፤ ይህኛው ትእዛዝ ጥቅሱን እንደ ጽሑፍ ይዞት ይገባል። የፕሮዳክሽንን ፋይል ወስዶ በዚህ መንገድ ያስነሣ ሰው የገንዘቡ ኮድ አምስት ፊደል ይሆንበታል፤ ፕሮግራሙም “እንዲህ ያለ ገንዘብ አላውቅም” ይለዋል። የዛሬ ጉዳት ባይኖርም የነገ ጉዳት አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚቀረው።

ጥቅስን ነገሬ የማይሉት ብዙ ናቸውና ስለ ሰዓት አንድ ምሳሌ ልጨምር። በያምል ፋይል `close_at: 22:30` ብሎ ያለ ጥቅስ የጻፈ ሰው፣ ፋይሉን የሚያነበው በቆየው 1.1 ደንብ የሚሠራ መሣሪያ ከሆነ፣ የሚያገኘው ሰዓት ሳይሆን 1350 የሚል ቁጥር ነው። ደንቡ ይህን አጻጻፍ በ60 የሚቆጠር ቁጥር አድርጎ ያነበዋል፤ 22 ጊዜ 60 ሲደመር 30። `08:30` ብሎ ከጻፈ ግን በ0 ስለሚጀምር እንደ ጽሑፍ ይታለፋል። ጠዋቱ ሠርቶ ማታው ይበላሻል። ሁለት ፋይሎችን አስተያይቶ “ልዩነቱ የጥቅስ ብቻ ነው” ብሎ መጻፍ የሚቻለው ፋይሉን ማን እንደሚያነበው ካወቁ በኋላ ነው።

እንግዲህ አሥራ አንዱም ተጣሩ፤ የሆቴሉ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ፋይሉን ትቼ ሰርቨሩ የሚያየውን ለማየት ወደ ኮንቴነሮቹ ውስጥ ገባሁ። በሁለቱም ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፦ በዩቲሲ ማርች 1 ቀን 2021፣ 09:00 ሲሆን ጁባ ስንት ሰዓት ነበር?

```
date -d '2021-03-01 09:00 UTC' '+%H:%M %Z'
```

ስቴጂንግ `11:00 CAT` አለኝ። ፕሮዳክሽን `12:00 EAT` አለ። “አሁን ስንት ሰዓት ነው?” ብዬ ያልጠየቅሁት ሆን ብዬ ነው። የአሁኑ ሰዓት የሰርቨሩ የራሱ ሰዓት ቆጣሪ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከሆነም ሊለያይ ይችላል፤ መብራትና ጀነሬተር በሚፈራረቁበት ቦታ ይህ ብርቅ አይደለም። አንድ የታወቀ ያለፈ ቅጽበት ሲጠየቅ ግን መልሱ የሚወሰነው በሰዓት ሕጉ ብቻ ነው። ሦስተኛ መልስም ሊመጣ ይችላል። ቲዜድዳታ ጭራሽ ያልተጫነባቸው ትንንሽ ኢሜጆች አሉ፤ እነሱ ስሙን ስለማያውቁት ምንም ስሕተት ሳያሳዩ በዩቲሲ ይሠራሉ። በዴቢያን ዓይነቱ ሲስተም እንዲህ ሲሆን `09:00 Africa` የሚል ይወጣል። ከሰዓቱ ቀጥሎ `CAT` መሆን ሲገባው `Africa` የሚል ቃል ያየ ሰው ፋይሉ እንደጎደለ ይወቅ።

ምክንያቱ ከጁባ ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። የስቴጂንግ ኢሜጅ በየጊዜው ከመጀመሪያው ይሠራ ስለነበር ሁልጊዜ አዲሱን ቲዜድዳታ ያገኛል። የፕሮዳክሽኑ ኢሜጅ በ2020 የተሠራ ነው። መጠኑ 600 ሜጋባይት ነበር፤ በሰከንድ አንድ ሜጋቢት በሚያልፍበት መስመር ይህ ሳይቋረጥ 80 ደቂቃ ይፈጃል፣ ብዙ ጊዜም ይቋረጣል። ስለዚህ ኢሜጁን እንዳለ ትተን የተለወጠውን ኮድ ብቻ ከውጭ ባለ ፎልደር በኩል እናስገባ ነበር። ኮዱ የዘንድሮ፣ ሰዓቱ የ2020 ሆኖ ቀረ። በዚያ ሰዓት አቆጣጠር የሰርቨሩ እኩለ ሌሊት የሚደርሰው ጁባ ላይ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። በ5 እና በ6 ሰዓት መካከል የከፈለ እንግዳ ሁሉ የነገ ቀን ተሰጠው።

ልዩነትን የሚፈልጉ መሣሪያዎች ይህን ያገኙት ነበር ወይ? `terraform plan`፣ `ansible-playbook --check --diff` እና `kubectl diff` ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ ቡድን ሁሉ ቢጠቀምባቸው እመርጣለሁ። የሚያስተያዩት ግን የተጻፈውን ፍላጎት ካለው ሁኔታ ጋር ነው። እኛ ስለ ቲዜድዳታ እትም የጻፍነው ፍላጎት አልነበረም፤ ካልተጻፈ ነገር ጋር ደግሞ ምንም ሊነጻጸር አይችልም። በዚህ ረገድ በሰፊው የሚታወቀው ምሳሌ ከኒው ዮርክ ገበያ የመጣው ነው። ኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአክሲዮን ደላላ ድርጅት አዲስ ኮድ ከስምንት ሰርቨሮቹ በሰባቱ ላይ ብቻ ተጭኖ፣ በስምንተኛው ላይ አሮጌው ቀርቶ ነበር። ለስምንቱም የተላለፈው አንድ ዓይነት ምልክት በሰባቱ ላይ አዲሱን ሥራ፣ በስምንተኛው ላይ ለዓመታት ያልተነካ የቆየ ሥራ አስነሣ። በ45 ደቂቃ ገደማ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ። በእኛ ላይ የደረሰው ከዚህ ጋር የሚወዳደር ጉዳት አይደለም፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው። አንድ ዓይነት መመሪያ በሁለት የተለያዩ አንባቢዎች እጅ ገባ።

ሁለተኛውን መልእክት የጻፍኩት ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። እንዳለ አቀርበዋለሁ፤ የቀነስሁት የሆቴሉን መለያ ብቻ ነው።

> ሰላም እህቴ። ችግሩን አግኝቼዋለሁ፤ ያለው ግን ከፋይሎቹ ውጭ ነው። `TZ=Africa/Juba` በሁለቱም አለ፤ የፕሮዳክሽን ኢሜጅ ግን ከ`2021a` በፊት የነበረ ቲዜድዳታ ስለያዘ ጁባን አሁንም ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ያስቀድማል። ማረጋገጫው ይኸው፤ ሁለቱንም ከኮንቴነሩ ውስጥ ነው ያስኬድኩት፦
>
> ```
> date -d '2021-03-01 09:00 UTC' '+%H:%M %Z'
> staging:    11:00 CAT
> production: 12:00 EAT
> ```
>
> በዚህ ምክንያት በጁባ ከምሽቱ 5 እስከ 6 ሰዓት የሚቆረጥ ደረሰኝ የማግሥቱን ቀን ይይዛል። ዳታቤዙ የራሱን ሰዓት ትክክል ያውቃል፤ ለብቻው ጠይቄው `02:00:00` ብሏል። የሚሳሳተው `bill_date` ብቻ ነው፤ `created_at` ደህና ነው።
>
> በፋይሎቹ ውስጥ አሥራ አንድ ልዩነት አለ። ሰባቱ አድራሻና የይለፍ ቃል ናቸው፤ መለያየት አለባቸው። የ30 ሰከንዱ ጥበቃ ለሳተላይቱ የተደረገ ስለሆነ እባክሽ አትንኪው፤ ምክንያቱን ፋይሉ ላይ ጽፌበታለሁ። የሎጉም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። `PRINT_COPIES` ስቴጂንግ ላይ ስለሌለ ኮዱ 1 ይወስዳል፤ ፕሮዳክሽን 2 ነው፤ ስቴጂንግም 2 ይሁን እላለሁ። `CURRENCY` ላይ ያለው ጥቅስ ዛሬ አይጎዳም፤ ሰርቨሩን በ`docker run` ያስነሣ ሰው ግን ይሰበርበታል፤ ላንሣው ወይ?
>
> ያላየሁት ነገር አለ፦ የደረሰኝ ማተሚያው የራሱ ሰዓት ይኑረው አይኑረው አላረጋገጥሁም።
>
> ቲዜድዳታውን ነገ ሌሊት በ`02:00 UTC` ላድስ አስባለሁ፤ በጁባ ከሌሊቱ 10፣ በአንቺ 11 ሰዓት ነው። እስከ ማታ ድረስ ተቃውሞ ካለሽ ንገሪኝ።

ሰዓቱን በሦስት መንገድ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ኢትዮጵያውያን “4 ሰዓት” ስንል የጁባ ሰው የሚሰማው ሌላ ነው፤ በሁለቱ ከተሞች መካከልም አንድ ሰዓት አለ። ስለ ሰዓት ጥፋት የተጻፈ መልእክት ራሱ ለሌላ የሰዓት ስሕተት በር መክፈት የለበትም። “ያላየሁት ነገር አለ” የሚለውን አንቀጽም ብዙ ሰው ያስቀረዋል፤ በእኔ እምነት ግን ከመልእክቱ ሁሉ ታማኙ እሱ ነው። እሱ ከሌለ ያልተጠቀሰው ሁሉ የተመረመረ ይመስላል።

ዳታቤዙን ለብቻው መጠየቅ ለምን እንዳስፈለገ ላስረዳ። በአንድ ሰርቨር ላይ ከአንድ በላይ የሰዓት ሕግ ሊኖር ይችላል። ጃቫ የራሱን ቲዜድዳታ ይዞ ይመጣል፤ ፒኤችፒም እንዲሁ፤ ፖስትግሬስ እንደ አሠራሩ የሲስተሙን ወይም የራሱን ይጠቀማል። አንዱን አድሶ ሌላውን መርሳት ቀላል ነው። ፖስትግሬስን የጠየቅሁት እንዲህ ነበር፦

```
select utc_offset from pg_timezone_names
where name = 'Africa/Juba';
```

ባልደረባዬ የመለሰችልኝ በመፍትሔው ላይ ጥያቄ አንሥታ ነው። “ኢሜጁን ከምንነካ ፋይሉ ላይ `Africa/Khartoum` ብለን ብንጽፍስ? ካርቱምም ከዩቲሲ በሁለት ሰዓት ነው የሚቀድመው” አለች። ፈታኝ ሐሳብ ነው፤ አንድ መስመር ብቻ ይቀየራል፣ አሮጌው ቲዜድዳታም የካርቱምን ለውጥ ያውቃል። ሱዳን ግን ሰዓቷን የቀየረችው ኖቬምበር 1 ቀን 2017 ሲሆን ደቡብ ሱዳን ከሦስት ዓመት በላይ ቆይታ ነው የተከተለችው። በካርቱም ሰዓት ብንሠራ በመካከሉ ያለው የሆቴሉ ሒሳብ ሁሉ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተስቦ ይነበብ ነበር፤ የዛሬውን አስተካክለን የትናንቱን እናበላሻለን። `Etc/GMT-2` የሚለውም ተመሳሳይ ጉዳት አለው፤ በዚያ ላይ ምልክቱ የተገለበጠ ነው፤ ከዩቲሲ ሁለት ሰዓት የሚቀድመው በመቀነስ የተጻፈው ነው። ይህን የማያውቅ ተከታይ ሠራተኛ “ስሕተት ነው” ብሎ ወደ መደመር ቢለውጠው ሰዓቱ በአራት ሰዓት ይዛባል። ትክክለኛው ስም `Africa/Juba` ነው። መስመሩ ትክክል ነበር፤ መታደስ ያለበት የሚያነበው ነው።

ሙሉውን ኢሜጅ ማውረድ አላስፈለገንም። የቲዜድዳታ ጥቅል ከአንድ ሜጋባይት በታች ነው፤ ከማውጫዎቹ ጋር ቢወርድም ከ600ው ጋር አይወዳደርም። አሮጌው ኢሜጅ ላይ አንድ ንብርብር ጨመርን፦

```
FROM hotel-app:2020
RUN apt-get update && apt-get install -y --only-upgrade tzdata
```

ይህን በሚሠራው ኮንቴነር ውስጥ ገብቶ በእጅ ማድረግም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ኮንቴነሩ እንደገና በተፈጠረ ቁጥር አሮጌው ሰዓት ይመለሳል። በስቴጂንግ ሞክረን ያለፈ ነገር በፕሮዳክሽን እንዲህ ቢጠፋ ደግሞ ያንኑ ፍለጋ እንደ አዲስ መጀመራችን ነበር።

በዚያ ሌሊት ከታደሰ በኋላ `date` ላይ ያንኑ ጥያቄ ደገምሁ፤ `11:00 CAT` አለ። ከዚያም የተሳሳተ ቀን የያዙት ደረሰኞች ስንት እንደሆኑ ዳታቤዙን ጠየቅሁ፦

```
select count(*) from bills
where bill_date <> (created_at at time zone 'Africa/Juba')::date;
```

የድሮዎቹ ወጡ። በማግሥቱ ሌሊት ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ደረሰኞች ተቆርጠው ስጠይቀው ግን ቁጥሩ አልጨመረም። የድሮዎቹን ቀን በአንድ ትእዛዝ ማስተካከል እችል ነበር። የሒሳብ ሠራተኛው ግን ደረሰኞቹ በእንግዶች እጅ ያሉ፣ የወሩም ሒሳብ የተዘጋ ስለሆነ እንዳይነኩ ጠየቁ። ዝርዝሩን አትሜ ሰጠኋቸው፤ ከየወሩ ሪፖርት ጋር አያያዙት። ባልደረባዬ ደግሞ ያቺን የ`date` ጥያቄ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ እንድትጠየቅና መልሷ ሎጉ ላይ በ`warning` እንዲጻፍ አደረገች።